ሜታ ዲስክሪፕሽን ላይ ገደቡ ይጻፍ ወይስ ሰው ከገባ በኋላ ይወቀው?

ሚሚ_ድር
ፒዲኤፍ ፋይሎችን አንድ ላይ የሚያዋህድ ገጽ አለን። እስከ 20 ሜጋባይት ድረስ ያለ ምዝገባ ይሠራል፣ ከዚያ በላይ ሲሆን አካውንት ክፈቱ ይላል። አለቃዬ «ሙሉ በሙሉ ነፃ፣ ያለ ገደብ» ብለሽ ጻፊ፣ ሰው ይግባልን እንጂ ሌላው ውስጥ ይታያል ይለኛል። እኔ ገደቡ ይጻፍ ባይ ነኝ። አሁን ያለው ዲስክሪፕሽን የታይትሉ ግልባጭ ነው፦ «ፒዲኤፍ ማዋሃጃ። ፒዲኤፍ በነፃ ያዋህዱ። ምርጥ ፒዲኤፍ ማዋሃጃ።» ምን ትላላችሁ?

ፈጣኑ
አለቃሽ ልክ ነው ባይ ነኝ። ሰው ካልገባ ሐቀኝነትሽን ማን ያየዋል? ደግሞ ጉግል ደረጃ ሲሰጥ ዲስክሪፕሽኑ ውስጥ ያሉትን ቃላት ያያል፣ ስለዚህ «ነፃ»ንም «ፒዲኤፍ»ንም ደጋግመሽ አስገቢ። ከ160 ፊደል እንዳያልፍ ብቻ ተጠንቀቂ፣ ሕጉ እሱ ነው።

ሌሊት_ሠራተኛ
ፈጣኑ፣ ክሊክ ያስፈልጋል ያልከው ላይ አልከራከርህም። የቀረው ግን አይደለም። ሜታ ዲስክሪፕሽን ደረጃ ለመስጠት እንደማያገለግል ጉግል ራሱ በ2009 ተናግሯል። ቃል መደጋገሙ የሚያመጣልህ ነገር የለም። ሰው የፈለገው ቃል ጽሑፉ ውስጥ ካለ ውጤቱ ላይ ደመቅ ብሎ ሊታይ ይችላል፣ ለዚያ ደግሞ አንዴ መጥራት ይበቃል።

160 የሚባለውም ሕግ አይደለም። የሚቆረጠው በስክሪኑ ስፋት ነው። የእኛ ፊደል ከላቲኑ ሰፋ ስለሚል ቁጥሩን እንዳለ ወስዶ መጠቀም አያዋጣም። በ2017 መጨረሻ ጉግል ጽሑፉን አስረዝሞ ነበር፣ ብዙ ሰው ዲስክሪፕሽኑን ሁሉ አስረዝሞ ጻፈ፣ በ2018 ግንቦት አካባቢ ተመልሶ አጠረ። ያን ጊዜ የተረፉት ዋናውን ነገር ከፊት ያስቀመጡ ናቸው። ሚሚ፣ ፊደል መቁጠሩን ተይውና የመጀመሪያዎቹ አሥር ቃላት ምን እንደሚሉ እዪ።

ጠርዝ
ቴሌግራም ላይ ሊንኩን ስልክ አሮጌው ጽሑፍ ነው የሚመጣው፣ ዲስክሪፕሽኑን ቀይሬም አልተቀየረም። እሱንስ እንዴት ነው የምታስተካክሉት?

ሌሊት_ሠራተኛ
ጠርዝ፣ ያ ሌላ ነው። ሊንክ ሲላክ ብዙ ጊዜ የሚነበበው `og:description` ነው። እሱን ለብቻው ቀይር፣ ቴሌግራም የያዘው አሮጌ ቅጂም ይኖራል። ሚሚ የምትጠይቀው የፍለጋ ውጤት ላይ ስለሚታየው ነው።

ወደ ጉዳዩ ስመለስ፣ እኔ ብሆን እንዲህ ነበር የምጽፈው፦

```html
<meta name="description" content="እስከ 20 ሜጋባይት የሚደርሱ ፋይሎችን ያለ ምዝገባ ወደ አንድ ያዋህዱ። ገጾቹን እየጎተቱ በፈለጉት ቅደም ተከተል ያስቀምጣሉ። ከ20 ሜጋባይት ለሚከብድ ፋይል አካውንት ያስፈልጋል።">
```

ታይትሉ «ፒዲኤፍ ማዋሃጃ» ብሎ ጨርሶታል፣ ስለዚህ እዚህ «ፒዲኤፍ» የምትለዋን ቃል እንኳን አላስገባሁም። ታይትሉን ያነበበ ሰው ቀጥሎ የሚጠይቀው «የእኔን ፋይል ይችለዋል? ተመዝገብ ይለኛል?» ነው፣ መልሱ እዚያው ይገኛል። «20 ሜጋባይት» ገደብ ሆኖ ሳለ ሲጻፍ የአቅም ወሬ ይመስላል፣ «ያለ ምዝገባ» ከጎኑ ስላለ። «ምርጥ» የሚለውን ማንም ይጽፈዋል፣ ማንም አያምነውም።

ፈጣኑ
ቆይ ግን። ውጤቱ ላይ ከጎንሽ ያሉት አምስቱም «ነፃ» ብለው ጽፈዋል። አንቺ ብቻ «አካውንት ያስፈልጋል» ብለሽ ስትጽፊ ሰው የት ነው የሚሄደው? ድክመቱን በራሱ አፍ የሚያውጅ ነጋዴ አይቼ አላውቅም።

ሚሚ_ድር
አለቃዬ ቃል በቃል ያለው ይህንኑ ነው 😅

ዕውነቷ
ፈጣኑ እንዳለው ክሊኩ ይቀንሳል እንበል። የቀነሰው ማን ነው? 40 ሜጋባይት ፋይል ይዞ የመጣው ሰው ነው። እሱ እኮ ፋይሉን ጭኖ፣ ጠብቆ፣ መጨረሻ ላይ «ተመዝገብ» ሲባል ተናዶ ነው የሚወጣው። ሁለተኛ አይመለስም። «ሙሉ በሙሉ ነፃ፣ ያለ ገደብ» የሚለው ደግሞ ማጋነን አይባልም፣ ውሸት ነው፣ አለቀ።

ሌሊት_ሠራተኛ
«ያለ ገደብ» ላይ ካንቺ ጋር ነኝ፣ አይጻፍም። ገደቡ የግድ ይጻፍ በሚለው ላይ ግን ትንሽ እለያለሁ። መጀመሪያ ሰርቨሩ ላይ ይታይ፦ ከተጫኑት ፋይሎች ከ20 ሜጋባይት ያለፉት ስንት ናቸው? ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ከሆኑ «እስከ 20 ሜጋባይት ያለ ምዝገባ» ብሎ ማቆም ይበቃል፣ ሦስተኛዋ ዓረፍተ ነገር ቦታ ነው የምታባክነው። ከመቶ ሠላሳው ካለፈ ግን ገጹን ከሚከፍቱት ከሦስቱ አንዱ ያህል ግድግዳ ሊገጥመው ነው ማለት ነው፣ ያኔ ገደቡ ከፊት ካልመጣ አሳስተሻል።

ዕውነቷ
በመቶኛ ውሸት በሚባል ነገር አልስማማም። ያ አንድ ሰው መታለሉን አልቀረም።

ሌሊት_ሠራተኛ
«እስከ 20» ያልኩት ቁጥሩን ከፊቱ አስቀምጦለታል እኮ፣ የተደበቀ ነገር የለም። የሚቀረው ካለፈ ምን እንደሚገጥመው ብቻ ነው። ይሁን፣ እዚህ ላይ አንስማማም።

ብዕር_ነጠብጣብ
እኔ መጣጥፍ ነው የምጽፈው፣ ገጻችን መሣሪያ የለውም። ለያንዳንዱ ጽሑፍ ለፍቼ ዲስክሪፕሽን እጽፋለሁ፣ ጉግል ግን የሚያወጣው ከመሃል የመዘዘውን አንቀጽ ነው። አንድ ጊዜ ጭራሽ የኩኪ ማሳወቂያውን ጽሑፍ አወጣው። ታዲያ ይህ ሁሉ ክርክር ለምንድን ነው?

ሌሊት_ሠራተኛ
ጥሩ ነጥብ ነው፣ ሚሚም ልብ በይው። ጉግል የሚታየውን ጽሑፍ የሚመርጠው በተፈለገው ቃል ነው። ያንተ ዲስክሪፕሽን የጽሑፉን ጠቅላላ ሐሳብ ይናገራል፣ ሰውየው የፈለገው ግን አራተኛው አንቀጽ ላይ ያለውን ነገር ነው፣ ስለዚህ እሱን ያወጣለታል። ያንተን እንዲያወጣ ማስገደድ አይቻልም፣ ብዙ ጊዜም ጉግል ልክ ነው። የኩኪውን ግን መከልከል ትችላለህ፦

```html
<div data-nosnippet>የኩኪ ማሳወቂያ</div>
```

ሚሚ ጋ ገጹ ላይ ያለው ጽሑፍ ጥቂት ነው፣ ሰውም የሚፈልገው አንድ ነገር ስለሆነ ዲስክሪፕሽኗ የመታየት ዕድሉ ሰፊ ነው። የብዕር ዓይነት ገጽ ላይ የመጀመሪያውን አንቀጽ አሳምሮ መጻፉ ይሻላል።

ፈጣኑ
እሺ፣ ሁለቱንም ሞክረን የትኛው ክሊክ እንዳመጣ እንይ። ሁለት ሳምንት የእኔን፣ ሁለት ሳምንት የእናንተን። ሰርች ኮንሶል ሲቲአሩን ይነግረናል።

ሌሊት_ሠራተኛ
እንደዚህ ከተለካ ማንም ያሸንፋል 😄 ገጹ በመጀመሪያው ሁለት ሳምንት በአማካይ 7ኛ ላይ ቢሆንና በሁለተኛው 4ኛ ላይ ቢወጣ፣ ዲስክሪፕሽኑ ባዶ ቢሆንም ሲቲአሩ ይጨምራል። ሰው ከላይ ያለውን ነው የሚነካው። ሰርች ኮንሶል ላይ ገጹን ብቻ ለዩ፣ ከዚያ አንድ የፍለጋ ቃል ምረጡ፣ የድርጅቱን ስም የያዘውን ፍለጋ አውጡት፣ አማካይ ደረጃው ሁለቱም ጊዜ ተቀራራቢ መሆኑን አረጋግጡ። ያንኑ ቃል ራሳችሁ ፈልጉና የጻፋችሁት ጽሑፍ በትክክል እየታየ መሆኑን እዩ፣ ካልታየ እኮ የለካችሁት የጉግልን ጽሑፍ ነው።

ከሁሉም በላይ ክሊክ ላይ አታቁሙ። ለምሳሌ ያህል ይሁን፦ 1000 ጊዜ ታይቶ የፈጣኑ ጽሑፍ 40 ክሊክ አመጣ፣ ከ40ው ፋይሉን አዋህዶ ያወረደው 10 ሰው ነው። ሌላኛው 32 ክሊክ አመጣ፣ ያወረደው 20 ነው። አለቃሽ የመጀመሪያውን ሪፖርት ያቀርባል፣ ገጹ የሚያድረው ግን በሁለተኛው ነው።

ፈጣኑ
ቁጥሩን ራስህ አመጣኸው እኮ! ተገልብጦ 40ው ውስጥ 25 ቢያወርድስ?

ሌሊት_ሠራተኛ
ያኔ አንተ አሸነፍክ፣ እኔም ዝም እላለሁ። ለዚህ ነው ማውረዱም ይለካ የምለው።

ዕውነቷ
ገብቶ ወዲያው የሚመለስ ሰው ደረጃውን ራሱ አያበላሸውም? ጉግል ክሊክ አልጠቀምም ሲል ኖሮ በ2023 ፍርድ ቤት ቀርበው ናቭቡስት የሚባል ነገር አለን ብለው የለ።

ሌሊት_ሠራተኛ
የፀረ ሞኖፖሊ ክሱ ላይ የጉግሉ ፓንዱ ናያክ ስለ ናቭቡስት መስክሯል፣ የክሊክ መረጃ እንደሚጠቀም ተናግሯል፣ እውነት ነው። ከዚያ ተነስቶ «አንድ የተጋነነ ዲስክሪፕሽን ይህን ገጽ ይጥለዋል» ለማለት ግን ርቀት አለው። ለአለቃሽ ማስፈራሪያ አድርገሽ አታቅርቢው ሚሚ፣ መልሶ ይይዝሻል። የማውረዱ ቁጥር ይበቃሻል።

ብዕር_ነጠብጣብ
ማጓጓት ግን ጨርሶ ክልክል ነው እያላችሁ ነው? እኔ «ሦስተኛው ምክንያት ብዙዎች የማይገምቱት ነው» ብዬ እጽፋለሁ፣ ሰውም ይገባል።

ዕውነቷ
ሦስተኛው ምክንያት እውነት የማይገመት ከሆነ ጻፍ። ብዙ ጊዜ ግን ይገመታል 🙂

ሚሚ_ድር
ሎጉን አወጣሁ። ካሰብኩት በላይ ነው፣ ከአራቱ ፋይል አንዱ ያህል ያልፋል። ስለዚህ ሦስተኛዋ ዓረፍተ ነገር ትቆያለች፣ አለቃዬንም በዚሁ ቁጥር አናግረዋለሁ። አንድ ችግር ግን አለ፣ ገደቡን ወደ 10 ሜጋባይት ዝቅ ለማድረግ እያሰቡ ነው።

ሌሊት_ሠራተኛ
እንግዲያው ቁጥሩን በእጅ አትጻፊው። ገጹ ላይ ያለው ገደብ ከሚመጣበት ቦታ ዲስክሪፕሽኑም እንዲወስድ ፕሮግራመሩን ጠይቂው። ገደቡ የተቀየረ ቀን ሰርች ኮንሶል ላይ ገጹን በ`URL Inspection` ከፍተሽ እንደገና እንዲታይ ጠይቂ። ጉግል እስኪመለስ ድረስ ውጤቱ ላይ 20 እንዳለ ሊቆይ ይችላል፣ በእነዚያ ቀናት 15 ሜጋባይት ይዞ የሚመጣውን ሰው ገጹ ላይ በደንብ የሚያስረዳ መልእክት ይጠብቀው።

ፈጣኑ
ወይ 20ው ላይ ተዉት። ለዲስክሪፕሽን ሲባል ይህን ሁሉ ሥራ 😂

ሚሚ_ድር
እሱን ለአለቃዬ አንተ ንገርልኝ።