ለሠርግ የቀረቡልን ሁለት የምግብ ዋጋዎችን ለማነጻጸር እርዳታ እፈልጋለሁ

በጥር ወር አዲስ አበባ ውስጥ ለምንደግሰው የ400 ሰው ሠርግ ከሁለት የምግብ አቅራቢዎች ፕሮፎርማ ተቀብለን መወሰን አቅቶናል። የመጀመሪያው ቫትን፣ አስተናጋጆችን፣ ሳህንና ብርጭቆን እንዲሁም ቁርጥ ሥጋን ጨምሮ በሰው 1,450 ብር ይጠይቃል፤ ይህም በድምሩ 580,000 ብር ነው። ሁለተኛው 1,150 ብር ስላለ ቤተሰቡ ወዲያው ወደ እርሱ አዘነበለ፤ ነገር ግን 15 በመቶ ቫት ሲታከልበት 1,322.50 ብር ይሆናል። በዚህ ላይ ለአስተናጋጅና ለዕቃ ኪራይ 45,000 ብር ስንጨምር 574,000 ብር ይደርሳል። ዶሮ ወጡ፣ ክትፎውና አልጫው በሁለቱም ዘንድ ተመሳሳይ ሲሆን፣ ሁለተኛው ግን ቁርጡን ስለማያቀርብ በሬውን የምንገዛው እኛው ነን።

እስከዚህ ድረስ የመጀመሪያው የሚሻል ይመስላል። ይሁን እንጂ እርሱ እንግዳ ቢቀርም የ400 ሰው ሙሉ ክፍያ ይወስዳል፤ ሁለተኛው ደግሞ ከ350 ሳያንስ የሚያስከፍለው በሳህን ቆጠራ ነው። የሚመጡት 350 ብቻ ከሆኑ የሁለተኛው ወጪ ወደ 507,875 ብር ስለሚወርድ፣ ለበሬው 72,125 ብር ይተርፈናል። የሚያሳስበኝ ግን ደግሞ ለመብላት አዲስ ሳህን የሚያነሣ እንግዳ ሁለት ጊዜ መቆጠሩ ነው (አጎቶቼን ስለማውቃቸው ነው ይህን የምለው)።

በሳህን ቆጠራ የደገሳችሁ ካላችሁ፣ ቆጠራውን ከእናንተ ወገን ማን ተቆጣጠረ? ለድጋሚ የተነሣው ሳህን እንዳይታሰብ በውላችሁ ላይ ምን ብላችሁ አጻፋችሁ? ከጠራችኋቸውስ ስንቱ መጣ?