7፣ 13 እና 229 በጋውስ ቁጥሮች ውስጥ፦ ኖርሙን አስልቼ ምን ላድርግበት?

የማታ ተማሪ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። 7ን፣ 13ን እና 229ን a+bi በሚባሉት ቁጥሮች ውስጥ ፋክተር አድርጉ ተብለናል። a እና b ድፍን ቁጥሮች ናቸው፣ i ደግሞ √−1 ነው። ኖርም ማለት a²+b² እንደሆነ አውቃለሁ። ለ13 (3+2i)(3−2i) አገኘሁ፤ ጓደኛዬ ግን (2+3i)(2−3i) አለች። የማናችን ነው ትክክል? 7ን ሞክሬ ሞክሬ አጣሁ። ግን «አጣሁ» ብዬ ብጽፍ ማስረጃ አይሆንልኝም። 229ን ደግሞ በግምት መሞከር ሰለቸኝ።

ቁጥር ወዳድ

ኖርሙን ብቻ እዪ። ኖርሙ ብቸኛ ቁጥር ከሆነ ቁጥሩ አይከፈልም። የ3+2i ኖርም 13 ነው፣ ስለዚህ እዚያ ላይ አበቃ። ኖርሙ ከተከፈለ ደግሞ ቁጥሩም ይከፈላል። የ7 ኖርም 49 ነው፣ 49 ደግሞ 7×7 ነው። ስለዚህ 7 ፋክተር አለው፣ በደንብ አልፈለግሽም ማለት ነው። ሌላም አቋራጭ አለ፤ ለ4 ሲካፈል 1 የሚተርፈው ቁጥር ሁሉ የሁለት ስኩዌሮች ድምር ነው፣ ስለዚህ ይከፈላል።

ጡረተኛ መምህር

ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ሐሳብህ ልክ ነው። ሁለተኛውን ግን ገልብጠኸዋል።

ልጄ፣ 7ን እንዲህ አድርገሽ ጻፊው። የሁለት ቁጥሮች ብዜት ኖርም የኖርሞቻቸው ብዜት ነው። 7 የሁለት ቁጥሮች ብዜት ቢሆን ኖሮ ኖርሞቻቸው ሲባዙ 49 መስጠት አለባቸው። ያለው አማራጭ 1×49 ወይም 7×7 ብቻ ነው። ኖርማቸው 1 የሆኑት 1፣ −1፣ i እና −i ናቸው። በእነሱ ማባዛት 7ን በ−1 እንደማባዛት ነው፤ ምንም አልከፈልሽም። ስለዚህ a²+b²=7 የሚሆንበትን መፈለግ ይቀራል። ከ7 የማይበልጡት ስኩዌሮች 0፣ 1 እና 4 ናቸው። ሁለት ሁለቱን ስትደምሪ 0፣ 1፣ 2፣ 4፣ 5 እና 8 ታገኛለሽ። 7 የለም። በቃ፣ 7 እዚህም ብቸኛ ነው። ይሄ ራሱ ማስረጃ ነው፤ «ሞክሬ አጣሁ» አይደለም።

ለሌሎቹም ያው ነው። ማንኛውም ስኩዌር ለ4 ሲካፈል ወይ 0 ወይ 1 ይተርፋል። የሁለቱ ድምር 3 ሊተርፈው አይችልም። 3፣ 11፣ 19 እና 23 የማይከፈሉት በዚህ ምክንያት ነው።

አቋራጩም ለብቸኛ ቁጥሮች ብቻ ነው የሚሠራው። 21 ለ4 ሲካፈል 1 ይተርፈዋል፤ ግን የሁለት ስኩዌሮች ድምር አይደለም። 3×7 ነው፣ ሁለቱም ደግሞ አይሰበሩም። ለብቸኛ ቁጥሮች ግን እውነት መሆኑን ፌርማ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 25 ቀን 1640 ለሜርሴን በጻፈው ደብዳቤ ገልጾታል።

የ13ቱ መልስ የሁለታችሁም ትክክል ነው። 3+2iን በ−i አባዢው፣ 2−3i ይወጣል። 3−2iን በi አባዢው፣ 2+3i ይወጣል። i እና −i ደግሞ ሲባዙ 1 ናቸው። 15ን አንዱ 3×5 ብሎ፣ ሌላው (−3)×(−5) ብሎ እንደጻፈው ቁጠሪው።

የማታ ተማሪ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ መምህር። የ7ቱ ገባኝ። ታዲያ 3+2i እና 3−2i ራሳቸው አንድ አይደሉም? በአንዱ አባዝቼ ሌላውን ላገኝ አልችልም?

ጡረተኛ መምህር

ጥሩ ጠየቅሽ። 3+2iን በአራቱም አባዢው። 3+2i፣ −3−2i፣ −2+3i እና 2−3i ታገኛለሽ። 3−2i እዚህ ውስጥ የለም። ስለዚህ 13 ሁለት የተለያዩ ፋክተሮች አሉት። ከሚከፈሉት ብቸኛ ቁጥሮች እንደዚህ የማይሆነው 2 ብቻ ነው። 2=(1+i)(1−i) ነው፤ ግን 1−i ማለት 1+i በ−i ሲባዛ ነው። ስለዚህ 2 = −i(1+i)²፤ አንዱ ፋክተር ሁለቴ ተደገመ።

አሁን ወደ 229። መጀመሪያ x²+1 በ229 ያለ ቀሪ የሚካፈልበትን x ፈልጊ። ከዚያ የ229ን እና የx+iን ትልቁን የጋራ አካፋይ አውጪ። ለምን መሰለሽ? x²+1 ማለት (x+i)(x−i) ነው። 229 ብዜቱን ያካፍላል፤ x+iን ብቻውን ግን አያካፍልም፣ ምክንያቱም የi ማባዣ 1 ነው፣ 1 ደግሞ ለ229 አይካፈልም። ስለዚህ 229 በሙሉ ወደ አንዱ መግባት አልቻለም፤ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ነው።

xን ለማግኘት 229 ለ8 ሲካፈል 5 ስለሚተርፈው 2 ይበቃሻል። 2ን (229−1)/4 ጊዜ፣ ማለትም 57 ጊዜ አባዢና ለ229 አካፍለሽ ቀሪውን ውሰጂ።

```
pow(2, 57, 229)
```

የማታ ተማሪ

122 ወጣ። 122²+1=14885=229×65፣ ልክ ነው። ከዚያ 229ን ለ122+i ሳካፍል (122−i)/65 መጣ፣ ወደ 1.88−0.02i ይጠጋል። 2 ብዬ ወሰድኩ። ቀሪው 229−2(122+i) = −15−2i ሆነ። ኖርሙ 225+4=229! 122+iን ለ15+2i ሳካፍለው ደግሞ 8−i ሆኖ ምንም አልተረፈም። ስለዚህ 229=(15+2i)(15−2i)። በአንድ እርምጃ!

ኮድ ጸሐፊ

እኔ በ73 ይህንኑ ሞክሬ ሁለት ቦታ ተጣበቅሁ። በ2 ጀመርኩ፣ ቀሪው 1 ሆነ። በ3 ሞከርኩ፣ 72 ሆነ። በ5 ነው 27 ያገኘሁት፣ 27²+1=730 ስለሆነ ጥሩ ነው። ከዚያ 73ን ለ27+i ሳካፍል 2.7−0.1i መጣ። ኮዴ ሁለቱንም ወደ ታች ቆርጦ 2−i ወሰደ። ቀሪው 18+25i ሆነ፣ ኖርሙም 949። ያካፈልኩበት ኖርም እኮ 730 ነው! ቀሪው እንዴት ይበልጣል?

ጡረተኛ መምህር

ችግሩ መቁረጡ ነው። ወደ ታች ሳይሆን ወደሚቀርበው ድፍን ቁጥር አጠጋጋ። 2.7 ወደ 3፣ −0.1 ደግሞ ወደ 0 ይጠጋል። ቀሪው 73−3(27+i) = −8−3i ይሆናል፣ ኖርሙ 73። ስታጠጋጋ በእያንዳንዱ ላይ የምትስተው ቢበዛ ግማሽ ነው። ስለዚህ የቀሪው ኖርም ካካፈልክበት ኖርም ግማሽ አይበልጥም። ስትቆርጥ ግን ስህተቱ ወደ 1 ሊጠጋ ይችላል፤ ያኔ የቀሪው ኖርም ሊያድግ ይችላል።

2 እና 3 ያልሠሩት ሁለቱም የሆነ ስኩዌር ለ73 ሲካፈል የሚተርፉ ቀሪዎች ስለሆኑ ነው። 73 ለ8 ሲካፈል 1 ስለሚተርፈው 2 እዚያ ሁልጊዜ ይከሽፋል። የምትከፍለውን ብቸኛ ቁጥር p እንበለው፤ ቀሪው 1 ወይም p−1 ከሆነ ሌላ ቁጥር ሞክር። ከ1 እስከ p−1 ካሉት ግማሾቹ ይሠራሉ፣ ብዙ አትደክምም።

ቁጥር ወዳድ

ስለ 49ኙ ልክ ነህ መምህር፣ ተሳስቻለሁ። ግን አንድ ነገር ግራ ገባኝ። በi ፋንታ √−5 ስጠቀም 6 = 2×3 = (1+√−5)(1−√−5) ይሆናል። ኖርሙን a²+5b² ብዬ አሰላሁ፤ ኖርሙ 2 ወይም 3 የሆነ ቁጥር የለም። ስለዚህ አራቱም አይከፈሉም። የማታ ተማሪና ጓደኛዋ እንዳገኙት ሁለት መልስ አይደለም እንዴ?

ጡረተኛ መምህር

አይደለም፣ እዚያ ሁለቱ መልሶች በእውነት የተለያዩ ናቸው። ኖርማቸው 1 የሆኑት 1 እና −1 ብቻ ስለሆኑ 2ን ወደ 1+√−5 የሚቀይርልህ የለም። ኖርሞቻቸውም 4 እና 6 ናቸው፣ አይገናኙም። የማጠጋጋቱ ዘዴም እዚያ ይወድቃል፤ ግማሽ ግማሽ ብትስት ስህተቱ 1/4+5/4 ነው፣ ከ1 ይበልጣል። ይህንን ለብቻው ጠይቀን፣ እዚህ ላይ ብጨምረው የልጅቷን ጥያቄ ይውጠዋል።

የማታ ተማሪ

እኔም ያንን ማየት እፈልጋለሁ፣ ስትጠይቅ ንገረኝ። የዛሬውን ግን አሁኑኑ ልጻፈው።