የ7 ዓመት ልጅ ምሳ ዕቃ፦ 310 ካሎሪ ያንሳል?

ልጄ 7 ዓመቷ ነው፤ 22 ኪሎ ትመዝናለች፣ ስትሮጥ ነው የምትውለው። የምሳ ዕቃዋን ካሎሪ በኩሽና ሚዛን እየመዘንኩ ለማስላት ሞክሬ ነበር። የተቀቀለ ሩዝ 150 ግራም እቋጥርላታለሁ። ለሩዝ አንዱ ሰንጠረዥ በ100 ግራም 360 ይላል፣ ሌላው 130። 360ው ለጥሬው ነው፤ ሲበስል ውኃ ስለሚጠጣ በግራም የሚኖረው ካሎሪ ይወርዳል። በ130 ሲሰላ ሩዙ 195፣ የሻይ ማንኪያ ዘይት 45፣ እንቁላል 75፣ ትንሽ ሙዝ 90፤ ድምሩ 405 መጣ።

ችግሩ ዕቃው ባዶውን አይመለስም። እንቁላሉንና ሙዙን ትጨርሳለች፤ ከሩዙ ግን 60 ግራም ያህል ይተርፋል። በተረፈው ሩዝ ላይ ያለውን ዘይት ጨምሬ ስቀንሰው የበላችው 310 አካባቢ ነው። በዕድሜዋ በቀን 1,500 ገደማ ያስፈልጋታል ብለን ሲሶውን ለምሳ ብንይዝ 500 ነው። ሩዝ ብጨምር የሚበዛው ትርፉ ነው። በሌላ በኩል ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደህና አድርጋ ትበላለች፤ ክብደቷና ቁመቷም በዕድገት ሰንጠረዡ ላይ መስመራቸውን አልለቀቁም።

ታዲያ መጠኑ ትንሽ ሆኖ ካሎሪው ከፍ ያለ ነገር፣ ለምሳሌ የለውዝ ቅቤ፣ ጨምሬ ምሳውን ወደ 500 ላድርሰው ወይስ የቀኑ ድምር ከሞላ 310ሩ ይበቃታል?