የታሪክ ሃንድአውት ላይ አድዋ ከውጫሌ ውል በፊት መጣ፣ ነገ ጠዋት ፈተና ነው እባካችሁ

የታናሽ ወንድሜ እህት፦
ሰላም ቤተሰብ፣ የ8ኛ ክፍል ወንድሜ ነገ ጠዋት ፈተና አለው፣ ሃንድአውቱ ላይ ያለው ታይምላይን ግን ጨርሶ አልገባንም። እንዲህ ነው የተደረደረው፦ 1885 ምፅዋ ተያዘች፣ 1888 የአድዋ ድል፣ 1889 የውጫሌ ውል፣ 1889 የአዲስ አበባ ውል፣ 1895 አምባላጌ። ከስሩ ቀስት ቀስት ያለው ካርታ አለ፣ ጥያቄው "የጊዜ መስመሩን ከካርታው ጋር አያይዘህ አስረዳ" ይላል። አድዋ በውጫሌ ምክንያት አይደለም እንዴ? እንዴት ቀደመ? ቶሎ በሉልኝ እሱ ሊተኛ ነው

ዲሲ ያለሁ እናት፦
እህቴ እኔም በዚሁ ነገር ነው የተቃጠልኩት፣ ልጄ እዚህ የተወለደች ናት፣ አድዋ 1896 ነው ትለኛለች እኔ 1888 ነው እላታለሁ፣ አንድ እሁድ ሙሉ ተከራክረን አባቷ ነው የገላገለን። ካርታውን በቀለም የሚሸጡበት ቦታ ካወቅሽ ንገሪኝ፣ ግድግዳዋ ላይ ልለጥፍላት ነው።

ናቲ፦
ቀላል ነው፣ ፈረንጅ ቁጥር ገብቶባችኋል። ከሁሉም ላይ 8 ቀንሱ አለቀ። ውጫሌ 1889 ሲቀነስ 8 1881። ምፅዋ 1877። አምባላጌ 1887። ልጁን አስተኚው

የታናሽ ወንድሜ እህት፦
ናቲ አመሰግናለሁ ግን ከሁሉም ላይ ከቀነስኩ አድዋ 1880 ሊሆን ነው እኮ፣ የአዲስ አበባውም 1881፣ ከውጫሌ ጋር እኩል 😭

ናቲ፦
አድዋን አትንኪው እሱ የኛ ነው። ሌላውን ቀንሺ

ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር፦
ልጄ፣ ናቲ ግማሹን አግኝቶታል። ሃንድአውቱን ያዘጋጀው ሰው ከሁለት መጽሐፍ ገልብጦ በቁጥር ብቻ ደርድሮታል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ከእያንዳንዱ ዓመት ጎን "የኛ" ወይም "የፈረንጅ" ብለሽ በእርሳስ ጻፊ። ምፅዋ፣ ውጫሌና አምባላጌ የፈረንጅ ናቸው፣ አድዋና የአዲስ አበባ ውል የኛ። ሁለቱ 1889ዎች በመሃላቸው ሰባት ዓመት ተኩል አለ፣ አንዱ ጠቡ የተጀመረበት ሌላው ጠቡ የተዘጋበት ውል ነው። አሁን ስምንቱን በጅምላ አትቀንሺ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ልዩነቱ 7 ነው፣ ፈረንጆቹ ዓመት ከለወጡ በኋላ ነው 8 የሚሆነው። የአምባላጌ ጦርነት በነሱ ዲሴምበር 7 ቀን 1895 ነው፣ በኛ ኅዳር 28 ቀን 1888። ናቲ እንዳለው 1887 ብሎ ከጻፈ ጦርነቱ ከክተት አዋጁ በፊት ሊሆን ነው፣ አዋጁ የተነገረው መስከረም 1888 ነዋ። ሲስተካከል፦ ምፅዋ 1877፣ ውጫሌ ሚያዝያ 25 ቀን 1881፣ አምባላጌ ኅዳር 28 ቀን 1888፣ አድዋ የካቲት 23 ቀን 1888፣ የአዲስ አበባ ውል ጥቅምት 1889። አየሽ፣ አምባላጌና አድዋ አንድ ዓመት ውስጥ ናቸው፣ በመሃላቸው ሦስት ወር እንኳ አይሞላም።

ናቲ፦
ጋሼ ተምሬያለሁ። ግን 8 ቀንስ ብሎ ያስተማረኝ አስተማሪ ነው

የከባድ መኪና ሹፌር፦
ካርታው ለኔ ይተወኝ፣ ያን መንገድ ስንት ዓመት ነድቼበታለሁ። ከወረኢሉ በደሴ አድርገሽ ወደ ሰሜን ስትወጪ ሐይቅን አልፈሽ ውጫሌን ታገኛለሽ፣ ከዛ ወልዲያ፣ አላማጣ፣ ማይጨው፣ ቀጥሎ አምባላጌ ነው መኪናው በአንደኛ ማርሽ የሚያቃስትበት፣ ከዛ ወርደሽ መቀሌ። ዳገቱን ያየ ሰው ጣሊያኖች ለምን እዛ ላይ እንደተቀመጡ አይጠይቅም፣ ከደቡብ የሚመጣ ጦር ሌላ ጥሩ በር የለውም። ውሉ የተፈረመበትም የአምባላጌው ውጊያም አንድ መንገድ ላይ ናቸው፣ ለወንድምሽ ይሄን ንገሪው።

የታናሽ ወንድሜ እህት፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ!! ቀስቶቹስ? አንዱ ከምፅዋ ወደ ታች ይመጣል፣ አንዱ ከአዲስ አበባ ወደ ላይ። የአዲስ አበባው ግን መቀሌ ሲደርስ ቀጥ ብሎ አዲግራት መሄድ ሲገባው ወደ ግራ ይታጠፋል። ይሄም ስህተት ነው አይደል?

የላስታ ልጅ፦
ስህተት አይደለም፣ ስንቅ ነው። ሠራዊቱ መቀሌ ላይ ብዙ ቆይቶ አገሩ ያለውን እህል በልቶ ጨርሶታል፣ ወደ ምዕራብ የሄደው እህል ፍለጋ ነው።

ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር፦
መታጠፊያው የካርታው ዋና ነገር ነው ልጄ፣ እንዳትሰርዢው። የጣሊያን ቀስት ከምፅዋ ተነስቶ በ1881 አስመራ ደረሰ፣ የኤርትራን ቅኝ ግዛት ካወጁ በኋላ በ1887 አዲግራት ገቡ፣ ቀጥለው መቀሌና አምባላጌ። የኛ ቀስት ወረኢሉ ላይ ወፈረ፣ የሸዋ ሰው በጥቅምት እዛ እንዲከት ነበር የታዘዘው። ሁለቱ ቀስቶች የተነካኩት አምባላጌ ላይ ነው፣ የጣሊያኖቹ አዛዥ ሜጀር ቶዜሊ እዛው ሞተ። የተረፉት መቀሌ እንዳየሱስ ምሽግ ገቡ፣ የኛዎቹ ውሃቸውን ያዙባቸውና በጥር ለቀው ወጡ። የጣሊያን ጦር ዋና አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪ በዚህ ጊዜ አዲግራት ተመሽጎ ምኒልክ ቀጥ ብለው ይመጡልኛል ብሎ እየጠበቀ ነው። እሳቸው ግን በሐውዜን በኩል አድርገው አድዋ ሄዱ። ጣትሽን አድዋ ላይ አድርጊና ወደ ሰሜን ውሰጂው፣ መረብን ነው የምታገኚው፣ ከመረብ ማዶ ኤርትራ ነው። ባራቲየሪ ምሽጉ ውስጥ ከቀረ ከጀርባው ሊገቡበት ነው፣ ስለዚህ ምሽጉን ትቶ እንትጮ ድረስ መጣላቸው። ስንቁም አለበት የላስታው ልጅ፣ ስንቅ ብቻ ቢሆን ግን ወደ ደቡብ መመለስም ይቻል ነበር።

የላስታ ልጅ፦
ጋሼ በአክብሮት፣ የተራበ ሠራዊት ወደ ኋላ ከተመለሰ ይበተናል። እኔ አሁንም ስንቁ ይቀድማል ባይ ነኝ።

ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር፦
በዚህስ አንጣላም። አንድ ነገር ልጨምር፣ ካርታውን አጉልቶ የሚያሳይ ሌላ ሥዕል ካለ የጣሊያኖቹ ሦስት ቀስቶች ጎን ለጎን አይሄዱም፣ የግራው ብቻውን ወደ ፊት ወጥቷል። የጄኔራል አልቤርቶኔ ነው። ባራቲየሪ በእጅ በተሳለው ካርታ ላይ አንዱን ኮረብታ ኪዳነ ምሕረት ብሎ ጽፎታል፣ አገሬው ኪዳነ ምሕረት የሚለው ግን ከዛ ብዙ ርቆ ወደ አድዋ የተጠጋውን ነው። አልቤርቶኔ በሌሊት ተጉዞ እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት ጋ ሄደ፣ ሲነጋ ከጓደኞቹ ተነጥሎ የኛ ሠራዊት መሃል ተገኘ። ለውጤቱ ሌላም ምክንያት አለው፣ ካርታ አንብብ የተባለ ልጅ ግን ይሄን ቢጽፍ እኔ ሙሉ ማርክ እሰጠዋለሁ።

ዲሲ ያለሁ እናት፦
ይሄን ለልጄ ላነብላት ነው

ሜሮን፦
እናንተ ሁሉ አንድ ነገር ረሳችሁ። አራሚው ያው ሃንድአውቱን የጻፈው መምህር ነው። ልጁ ቅደም ተከተሉን ቀይሮ ከጻፈ ስህተት ይባልበታል። እንደተሰጠው ይጻፍና ከፈተናው በኋላ ይጠይቅ።

ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር፦
የለም ልጄ፣ መልሱ መጀመሪያ ላይ "ሁሉንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀይሬዋለሁ" ብሎ አንድ መስመር ይጻፍና ከእያንዳንዱ ዓመት ጎን ዓ.ም ያድርግ። መምህሩ ያኔ የራሱን ወረቀት አይቶ ይገባዋል።

ሜሮን፦
ሁሉም መምህር እንደርስዎ አይደለም ጋሼ። እኔ ነጥብ አጥቼበታለሁ።

ናቲ፦
እህቴ ጠፋሽ፣ ወንድምሽ ተኛ ወይስ እየጻፈ ነው?

የከባድ መኪና ሹፌር፦
ከሐውዜን ወደ አድዋ ያለውን መንገድ ግን እኔ አልነዳሁትም፣ የሄደበት ሰው ካለ ዳገቱ እንዴት ነው? በበቅሎ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ማወቅ ፈልጌ ነው።