ፍላሹ አልነበበም፣ ነገ ሌሊት 11 ሰዓት ወደ አርባ ምንጭ ነን!

ሚዜዋ (ማታ 1፡40)
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ለሠርግ ነገ ሌሊት 11 ሰዓት ከአዲስ አበባ ተነስተን በሆሳዕና አድርገን አርባ ምንጭ እንገባለን። ሃይሩፍ ነው የተከራየነው፣ 13 ሰው ነን። ሙዚቃው የኔ ኃላፊነት ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ የሰበሰብኩበትን ፍላሽ አሁን ሾፌሩ ጋ ሄጄ ብሰካው NO FILE ብሎ ዝም! ስልኬ ላይ ይሠራል እኮ። ሌላው ጭንቀቴ ሰው ነው። የ78 ዓመት አያቴ አለች፣ ጴንጤ የሆኑና ዘፈን የማይሰሙ አክስቴ አሉ፣ ሦስት ሕፃናት አሉ፣ የቀረነው ወጣት ነን። ምን ልጫን? ፍላሹስ ምን ሆኖ ነው?

ቀዮ (1፡43)
አሁንም በፍላሽ የሚሰማ ሰው አለ? ብሉቱዝ አድርጊው በቃ 😂

ሚዜዋ (1፡44)
ቴፑ ብሉቱዝ የለውም። ገመድ መሰኪያም የለውም። የፍላሽ ቀዳዳና ሬዲዮ ብቻ ነው ያለው።

ቀዮ (1፡44)
እንግዲያው ሬዲዮ ስሙ።

ሁሉን አዋቂ (1፡50)
ፎርማት አድርጊው። ቫይረስ ነው። ፎርማት ካደረግሽው በኋላ መልሰሽ ጫኚው፣ ያለጥርጥር ይሠራል።

የድሮው ሰው (1፡58)
እኔ ግን ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። ሙዚቃ ለምን አስፈለገ? እኛ ከጎንደር አዲስ አበባ ሁለት ቀን ስንጓዝ ሰው ይተዋወቅ ነበር። ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን የት እንደሚሄድ ይጠያየቃል። አንድ ሽማግሌ ከጀመሩ ጨዋታው አያልቅም። ዛሬ ሁሉም ጆሮው ላይ ሰክቶ መስኮት ያያል። 78 ዓመት የኖረች አያት መኪና ውስጥ ይዘሽ ፍላሽ ትፈልጊያለሽ! እሷን አታጫውቻትም?

ሚዜዋ (2፡01)
አባባ ልክ ነዎት፣ ግን አያቴ ራሷ ናት «ሙዚቃ አዘጋጂ» ያለችኝ 😅

ጠጋኙ (2፡06)
ሁሉን አዋቂ፣ ቫይረስ አይደለም። ሚዜዋ፣ ሁለት ነገር ንገሪኝ። ፍላሹ ስንት ጊጋ ነው? ዘፈኖቹስ ከየት የወረዱ ናቸው?

ሚዜዋ (2፡08)
64 ጊጋ፣ አዲስ ነው። ግማሹ ከቴሌግራም፣ ግማሹ ከዩቲዩብ።

ጠጋኙ (2፡21)
እንደጠረጠርኩት፤ ምናልባት ሁለቱም ችግር ይኖራል። ለይተሽ ለማወቅ አንድ ርግጠኛ የሆነ MP3 ብቻውን ፍላሹ ላይ ጫኚና ሰክተሽ ሞክሪ። እሱም NO FILE ካለ ችግሩ የፍላሹ አሠራር ነው። ከተጫወተ ግን የፋይሎቹ ዓይነት ነው።

64 ጊጋ ፍላሽ አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ exFAT ሆኖ ይመጣል። አሮጌ ቴፕ ደግሞ የሚያነበው FAT32 ነው። ስልክሽ ሁለቱንም ስለሚያነብ ነው የተታለልሽው። ዊንዶውስ ላይ ይህን ያህል ትልቅ ፍላሽ በFAT32 ፎርማት ልታደርጊ ስትዪ ምርጫው ላይታይሽ ይችላል፤ በሱ ጊዜ አታባክኚ። ከጎረቤት 8 ወይም 16 ጊጋ ፍላሽ ተዋሺና እሱን FAT32 አድርጊው። አይበቃም እንዳትዪ። 128 kbps የሆነ MP3 በደቂቃ አንድ ሜጋ ገደማ ነው። 60 ዘፈን 300 ሜጋ አካባቢ ቢይዝ ነው።

ሁለተኛው፣ ከዩቲዩብ የወረደው ምናልባት m4a ወይም webm ነው። ስሙን ወደ .mp3 መቀየር አይረዳም፣ ውስጡ ያው ነው። ላፕቶፕ ካለሽ VLC ክፈቺና Media ውስጥ Convert / Save የሚለውን ተጫኚ፣ ሁሉንም ፋይል አስገቢ፣ Audio - MP3 ን ምረጪ። ትእዛዝ መጻፍ የማይከብድሽ ከሆነ ደግሞ፦

```
ffmpeg -i 01.m4a -b:a 128k 01.mp3
```

ሁሉን አዋቂ (2፡24)
ያው ፎርማት አልኩ እኮ።

ጠጋኙ (2፡25)
ፎርማት ብቻ አድርጋ ያንኑ m4a ብትመልሰው ያው NO FILE ነው ወንድሜ። እዚያ ላይ በዚያው exFAT ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ረስቼ። ብዙዎቹ ርካሽ ቴፖች የሚያጫውቱት በስም ቅደም ተከተል ሳይሆን መጀመሪያ በተጫነው ነው። 60ውን አንድ ላይ ጎትተሽ ብትጥዪ ይዘበራረቃል። ባዶ ፍላሽ ላይ በምትፈልጊው ተራ አንድ በአንድ ቅጂ። የአማርኛ ስም ስክሪኑ ላይ አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል፣ 01፣ 02 እያልሽ ሰይሚያቸው።

ረዥም መንገድ (2፡40)
እኔ 12 ዓመት ሚኒባስ ነድቻለሁ። በዚያ መስመርም ብዙ ተመላልሻለሁ። እህቴ፣ ዘፈን መምረጥ ያለብሽ በሰው ብቻ ሳይሆን በሰዓቱም ነው።

ሌሊት 11 ላይ ስትነሱ ምንም አትክፈቺ። ሰው ይተኛል፣ ሕፃናቱም። ሾፌሩ ራሱ ትንሽ ነገር ከፈለገ ድምፁ ከፊት ብቻ እንዲወጣ አድርጉ። ቴፑ ላይ SEL የሚለውን ደጋግመሽ ስትጫኚ BAS፣ TRE፣ BAL እያለ FAD ላይ ይደርሳል። እዚያ ወደ F አዙሪው። የኋላው ስፒከር ዝም ይላል፣ ከኋላ ያሉት አይረበሹም። አያትሽንም ኋላ ስፒከሩ ሥር አታስቀምጪያቸው። ጆሮ የደከመ ሰው ድምፅ አይሰማም ብለሽ ስፒከር ሥር ብታስቀምጪው ያመዋል እንጂ አይሰማም።

ቁርስ ቡታጅራ ትበላላችሁ። ከዚያ በኋላ ሰው ይነቃል፣ የአያትሽን ጊዜ ያን ጊዜ አድርጊው። ጥላሁን፣ ብዙነሽ። ምሳ ሶዶ ነው። ዋናው ነገር ከሶዶ በኋላ ነው። ወደ አባያ ሐይቅ ስትወርዱ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ሆድ ሞልቷል። ያን ሰዓት ትዝታ ከከፈትሽ አንቺንም ያስተኛሻል፣ ሾፌሩንም። የወላይታና የጋሞ ጭፈራ ለዚያ አስቀምጪው። የጉራጌውንም ጨምሪበት። ለሠርግ የሚሄድ ሰው ደግሞ ደስ ይለዋል።

ቀዮ (2፡43)
ለሾፌሩ እንቅልፍ ድምፁን እስከ ጥግ መጨመር ነው መድኃኒቱ 🔊

ረዥም መንገድ (2፡47)
አይደለም። ለአምስት ደቂቃ ያነቃል፣ ከዚያ ጆሮው ይለምደዋል። የሞተር ድምፅና የኋላ መኪና ክላክስ እንዳይሰማ ያደርጋል እንጂ። ሾፌሩ ካዛጋና መስመር መሳት ከጀመረ ዛፍ ሥር አቁሞ ይተኛ። 15፣ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። እኔ አንድ ጊዜ «ከፍ አድርጉልኝ» እያልኩ ስነዳ ረዳቴ ባይጮህብኝ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍላችሁም ነበር።

ደግሞ ቆማችሁ አትጨፍሩ። ሠርገኛ ሁሉ ጣሪያው ከፍ ስላለ መቆም የተፈቀደ ይመስለዋል። አንድ ፍሬን ቢይዝ የሚወድቀው የቆመው ነው። ቁጭ ብሎም እስክስታ ይመታል።

ሚዜዋ (2፡52)
እሺ ጋሼ። አክስቴንስ?

የአየር ጤናዋ (3፡05)
የኔ እናትም እንደዚያው ናት። ስለዚህ ልምዴን ልንገርሽ። ባለፈው ዓመት ለለቅሶ ወደ ጅማ ስንሄድ መዝሙርና ዘፈን አንድ ፍላሽ ላይ ጭኜ ነበር። ቴፑ እያዘበራረቀ በሚያጫውተው RDM ላይ እንደሆነ ማንም አላየም። እናቴ ዓይኗን ጨፍና መዝሙሩን እያዜመች ነው፣ ሲያልቅ ክላሪኔት ያለበት የሠርግ ዘፈን «እልልል» ብሎ ጀመረ። ያውም ለለቅሶ እየሄድን! እኔ ቴፑ ላይ ደርሼ እስክዘጋው ደቂቃ ያህል ፈጅቷል። እናቴ አልተቆጣችም። ዝም ብላ አየችኝ፣ እሱ ባሰብኝ።

ስለዚህ መዝሙሩ ሌላ ፍላሽ ላይ ይሁን። RDM መጥፋቱንም እይ። ከቡታጅራ ሆሳዕና መሐል አንድ ሰዓት ሙሉ የሳቸው ይሁን። የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ዘማሪዎች ራሳቸውን ጠይቂያቸው፣ ደውዪላቸው አሁን።

ጠጋኙ (3፡09)
በዘፈኑ ሰዓት ቃል የሌለው ሙዚቃ ይሻላል። የሙላቱ አስታጥቄን ዓይነት።

የአየር ጤናዋ (3፡12)
ለኔ እናት አይሠራም። ዜማውን ታውቀዋለች፣ ቃሉን በሆዷ ትጨርሰዋለች 😄 ለሌላው ሰው ሊሠራ ይችላል። ብቻ ሳትጠይቂ አትክፈቺ።

የድሮው ሰው (3፡15)
አየሽ? ሁሉም የራሱን ሰዓት እያለ መከፋፈል ሆነ። አንድ ሰዓት ዝጊና አያትሽ ተረት ይንገሩ። ሕፃናቱም ከስልክ ይላቀቃሉ። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» የማይል ሕፃን አለ?

ሚዜዋ (3፡18)
እኔ ቤት ያሉት «የላም በረት» አይሉም፣ አንዱ አንድ መዝሙር ብቻ ነው የሚያውቀው። 40 ጊዜ ይደግመዋል 😭

ረዥም መንገድ (3፡22)
የልጆቹን ከሶዶ በፊት ባለው ሰዓት ላይ አድርጊው፣ ግማሽ ሰዓት አይለፍ። ጠመዝማዛው ላይ ማስታወክ የሚጀምረውን ልጅ ወደ ፊት አምጪው፣ ስልክ አታስይዢው። መስኮት ክፈቺለት። ያኔ ሙዚቃ ይዘጋ።

ጠጋኙ (3፡30)
የጥላሁንና የብዙነሽ ቅጂዎች ከአሁኖቹ ይልቅ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። ለአያትሽ ብለሽ ከፍ ታደርጊዋለሽ፣ ቀጥሎ የአሁን ዘፈን ሲመጣ ሕፃን ያስለቅሳል። MP3Gain የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ሁሉንም 89 dB ላይ አድርጊ። ዛሬ ማታ ጊዜ ካጠረሽ ግን ይህን ዝለዪው፤ አሮጌዎቹን ለብቻ አንድ ላይ አድርገሽ ቅጂያቸው፣ ድምፁ የሚቀየረው አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል።

ሚዜዋ (ሌሊት 5፡10)
ከጎረቤት 8 ጊጋ አገኘሁ። VLC 41 ዘፈን ቀይሯል፣ ሦስቱ አልቀየር ብለዋል፣ ተውኳቸው። አክስቴ ደውዬ ስጠይቃቸው «አንቺ ራስሽ ዘምሪልኝ» አሉኝ። መዘመር አልችልም። ቴፑ ላይ ገና አልሞከርኩም፣ ሾፌሩ ተኝቷል።

ጠጋኙ (5፡12)
ከመነሳታችሁ ሩብ ሰዓት በፊት ሞክሪው እንጂ መንገድ ላይ አይሁን። ያ አንድ MP3 ብቻውን ያለበትን ፍላሽም ያዢ።

ሁሉን አዋቂ (ጠዋት 2፡35)
ሚዜዋ፣ ነበበ?

ቀዮ (ጠዋት 4፡20)
ሬዲዮ እየሰሙ ነው 😂

የአየር ጤናዋ (ማታ 12፡50)
ደረሳችሁ እንዴ? አክስትሽ ምን አሉ?