አጎቴ ደብተር ላይ ያለው ጥቁር ነጥብ

አጎቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ሬዲዮ ይጠግኑ ነበር። ደብተራቸው እዚያው አክስቴ ጋ ነው። እኔ ያለሁት ደብረ ብርሃን ስለሆነ በቴሌግራም የተላከልኝ የአንድ ገጽ ፎቶ ብቻ ነው ያለኝ፤ ያውም ደብዛዛ።

ሥዕሉ ከግራ በባለ 12 ቮልት ትራንስፎርመር ይጀምራል። ቀጥሎ በአልማዝ ቅርጽ የተሣሉ አራት ዳዮዶች፣ ከዚያ 2200 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር። እስከዚህ ገብቶኛል፤ ኤሲውን ወደ ዲሲ ይቀይራል።

ግራ የገባኝ ከዚህ በኋላ ነው። ክብ ውስጥ ትራንዚስተር አለ። ቀስቱ ወደ ውጭ ስለሚያመለክት ኤንፒኤን ነው። ኮሌክተሩ ከፖዘቲቩ መስመር ተያይዟል። ከቤዙ ወደ ኔጌቲቭ ባለ 12 ቮልት ዜነር ይወርዳል። ከዚያው ከቤዙ ሌላ ሽቦ ወደ ላይ ይወጣና ፖዘቲቩን መስመር አቋርጦ 470 ኦም ሬዚስተር ጋ ይደርሳል። የሬዚስተሩ ሌላ ጫፍ ዞሮ እዚያው ፖዘቲቩ ላይ ያርፋል። መውጫው፣ ማለትም ኤሚተሩ፣ ላይ አጎቴ «11.3» ብለው ጽፈዋል።

ሽቦው ፖዘቲቩን የሚያቋርጥበት ቦታ ላይ ጥቁር ነጥብ አለ። ወረቀቱ የታጠፈውም፣ ዕድሌ ሆኖ፣ እዚያው ላይ ነው። ነጥቡን መገናኛ ነው ብዬ ሠራሁት። ካፓሲተሩ ላይ 16 ቮልት ገደማ ለካሁ። ዜነሩ ወዲያው ጨሰና ተሰነጠቀ፤ ሬዚስተሩ ግን ጭራሽ አልሞቀም።

ሌላ ዜነር ከማቃጠሌ በፊት፦ ይህ ሥዕል የቮልቴጅ ማረጋጊያ ከሆነ፣ ሽቦዎቹ እዚያ ነጥብ ላይ በእርግጥ ይገናኛሉ ወይስ ሳይነካኩ ነው የሚተላለፉት?