ፖስታው ላይ ያለው ሁሉ ይገለበጣል?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)፦ የአያቴን የድሮ ደብዳቤዎች ወደ ኮምፒውተር እየገለበጥኩ ነው። ደብዳቤው ራሱ አላስቸገረኝም፣ ፖስታው ግን አቆመኝ። አድራሻው በእጅ ተጽፏል። ቴምብር አለ፣ ከላዩ ክብ ማኅተም አርፎበታል። ጀርባው ላይ ሌላ ማኅተም አለ፣ ጥግ ላይ ደግሞ በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር። የፊተኛው ማኅተም የአድራሻውን የመጨረሻ ቃል ሸፍኖታል። ፎቶውን አያይዣለሁ። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ ብዬ የምገለብጠው የቱን ነው?

ቦርከና፦ እህቴ፣ በእጅ የተጻፈውን ብቻ ገልብጪ። የታተመና የተመታ ነገር ሥዕል ነው፤ ፎቶው ላይ ይታያል፣ ይበቃል። እኔ የአባቴን ወረቀቶች ስገለብጥ እንደዚያ ነው ያደረግኩት።

ሐይቅ ዳር፦ ቴምብሩን ማንሳት ከፈለግሽ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትንሽ ዘፍዝፊው፣ በራሱ ይለቃል። ልጅ ሆኜ ብዙ ሰብስቤያለሁ።

መዝገብ ቤት፦ ኧረ እንዳትዘፈዝፊው! ቀለሙ ይፈሳል፣ ማኅተሙም ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ ቴምብሩ ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ነውና አንድ ላይ ካልሆነ አይነበብም።

ቦርከና ያለው ለቴምብሩ ሥዕል ልክ ነው። ለማኅተሙ ግን አይሆንም። ደብዳቤው መቼ፣ ከየት ተነስቶ መቼ እንደደረሰ የሚነግርሽ እሱ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ምልክት «ማን ጻፈው? መቼ?» ብለሽ ጠይቂው። ያንቺ ፖስታ ላይ አራት እጅ ይታየኛል፦ የላኪው፣ የላኪው ፖስታ ቤት፣ የተቀባዩ ፖስታ ቤት፣ ከዚያም ባለ እርሳሱ። ሁሉንም ገልብጪ፣ ግን አታቀላቅያቸው። በማኅተሙ ላይ ያለው የፈረንጅ ፊደል ከሆነ በፈረንጅ ፊደል ይቅር። ማኅተሙ ላይ የምታያቸው ሞገድ መሰል መስመሮች ግን ጽሑፍ አይደሉም፣ እለፊያቸው።

በማኅተሙ የተሸፈነውን ቃል ደግሞ መጋረጃውን ዘግተሽ በስልክ መብራት ከጎን አብሪበት። በእስክሪብቶ ተጭኖ የተጻፈ ከሆነ የብዕሩ ጉድጓድ ጥላ ይሠራል።

የጦሳ ልጅ፦ አበራሁበት! «ወሎ ጠ/ግዛት» ይላል። «ጠቅላይ ግዛት» ብዬ ልዘርዝረው? ሌላም ጥያቄ አለኝ። የፊቱ ማኅተም 22 5 71፣ የጀርባው 25 5 71 ይላል። ደብዳቤው ውስጥ ግን «ግንቦት 12 ቀን 1963» ነው። ስምንት ዓመት መንገድ ላይ አልቆየም መቼም።

መዝገብ ቤት፦ አትዘርዝሪው። አሕጽሮቱም፣ የ«ሠ» እና «ሰ» አጣጣሉም እንዳለ ይቀመጥ። አብዮቱ ከመጣ በኋላ «ክፍለ ሀገር» ተባለ። «ጠ/ግዛት» የሚለው ብቻውን ዘመኑን ይጠቁማል፣ ካስተካከልሽው ምስክሩ ጠፋ።

ቀኑን በተመለከተ፣ ማኅተሙን በእኛ አቆጣጠር ካነበብሽው ጥር 22 ቀን 1971 ይሆናል፣ ያ ደግሞ ከደብዳቤው ጋር ጨርሶ አይገጥምም። በፈረንጅ አቆጣጠር ግን ግንቦት 12 ቀን 1963 ማለት ሜይ 20 ቀን 1971 ነው። ተጽፎ በሁለተኛው ቀን ፖስታ ቤት ገባ፣ በሦስት ቀን ደሴ ደረሰ። በግልባጩ ውስጥ ቁጥሩን አትለውጪ። ስሌቱን ለብቻው በማስታወሻ ጻፊው። እንዲህ ቢሆን ይመስለኛል፦

[ፊት፣ በእጅ]
ለአቶ …
ፖ.ሣ.ቁ. …
ደሴ
ወሎ ጠ/ግዛት

[ፊት፣ ማኅተም] አዲስ አ[በባ] 22 5 71
[ፊት፣ ቴምብር] አንድ፣ 20 ሳንቲም
[ጀርባ፣ ማኅተም] [ደ]ሴ 25 5 71
[ጀርባ፣ በእርሳስ፣ ሌላ እጅ] 14

በቅንፍ ያሉት ፊደላት በዓይን ያላየሻቸው ናቸው፣ ገምተሽ የሞላሻቸው። ጨርሶ መገመት ካልቻልሽ «የማይነበብ» በይው። መሙላት የሚያሳፍር አይደለም፣ የሞሉትን ሳያሳዩ መተው ነው ችግሩ።

ቦርከና፦ እሺ፣ ማኅተሙን ተቀብያለሁ። ቴምብሩ ላይ «ኢትዮጵያ» የሚለውንም በየፖስታው ልትጽፍ ነው? መቶ ፖስታ ቢኖራትስ?

መዝገብ ቤት፦ እኔ ዋጋውን ብቻ እጽፋለሁ። ምክንያቱም ዋጋው የላኪውን ወጪ ይነግረኛል። ሁሉን ቃል የሚገለብጡም አሉ፣ በዚህ ሰው አይስማማም። የመረጥሽውን መጀመሪያ ላይ ጽፈሽ እስከ መጨረሻው ያዢው። እርሳሱን ግን ማን እንደጻፈው ከዚህ ሆኜ አላውቅም።

የጦሳ ልጅ፦ እናቴን ጠየቅኳት። አያቴ ደብዳቤ ሲደርሰው ቁጥር ይሰጠው ነበር አለችኝ። ሌሎቹን ፖስታዎች አወጣሁ፣ 13ም 15ም አሉ። 9 እና 11 ግን የሉም። ሳጥኑን እንደገና ልፈትሽ ነው።